ማሽላና መንደር፦ ግብርና እንዴት ተጀመረ፣ ሰውስ ለምን ከአንድ ቦታ ተቀመጠ?

ከጣርማ በር ወጥቶ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ በጥቅምት ወር ዓይኑን የሚሞላው ማሽላ ነው። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነው። በየማሳው መሐል ከእንጨት የተሠራ ማማ ይታያል፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘ ሰው ከንጋት እስከ ማታ ግሪሳ ወፍ ሲያባርር ይውላል። የይፋት ቆላ ገበሬ ይህን ለምዶታል። ጥያቄው ግን የቆየ ነው፦ ከብቱን እየነዳ፣ እያደነና የዱር ፍሬ እየለቀመ ይዞር የነበረ ሰው እንዴት የማሳ ጠባቂ ሆነ?

በትምህርት ቤት የለመድነው መልስ አጭር ነው፦ ሰው ዘር መዝራትን አወቀ፣ ከዚያ መንደር መሠረተ። በቁፋሮ የተገኘው ማስረጃ ግን ነገሩ ረጅም ጊዜ እንደፈጀና ቅደም ተከተሉም ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ ያሳያል።

የአገራችን ስም በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ እንዲነሳ ያደረገው ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ዘር ሰበሰበና በስንዴው፣ በገብሱና በሌላውም የዝርያ ብዛት ተደነቀ። እህሉ በብዙ ዓይነት የሚገኝበት አገር የእህሉ መነሻ ነው የሚል እምነትም ነበረው። ይህ ሐሳብ ኋላ ላይ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀ። ስንዴና ገብስ መጀመሪያ የተለመዱት በመካከለኛው ምሥራቅ ነው፤ የእኛ ገበሬ ከተቀበላቸው በኋላ በየደጋውና በየወይና ደጋው ለያይቶ አበዛቸው። ጤፍ፣ ኑግና እንሰት ግን የዚሁ አገር ናቸው። የዝርያ ብዛት ገበሬው እህሉን ምን ያህል እንደተንከባከበው ይመሰክራል፤ የት እንደተጀመረ ለማወቅ ግን የእህሉን ገላ መመርመር ያስፈልጋል።

ማሽላ ለዚህ ምርመራ ይመቻል። የዱር ማሽላ ፍሬው ሲበስል በራሱ ጊዜ ይረግፋል። ፍሬው ከዛላው የሚላቀቅበት ቦታ ለስላሳ ጠባሳ ይተዋል። የገበሬ ማሽላ ግን በስሎም ዛላው ላይ እንደተያዘ ይቆያል፤ አውድማ ላይ በዱላ ካልተወቃ አይለቅም። ተመትቶ ሲለቅም የተቀደደ፣ የሻከረ ጫፍ ይቀርበታል። ለስላሳው ጠባሳ የዱር፣ የተቀደደው ጫፍ የእርሻ ምልክት ነው።

ይህን ለውጥ ያመጣው የአሰባሰቡ መንገድ ነው። የዱር ማሽላ ሲሰበሰብ ዛላው በቅርጫት ላይ ቢራገፍ፣ ቅርጫቱ ውስጥ የሚገባው ቶሎ የሚረግፈው ፍሬ ነው። ያ ፍሬ ቢዘራ መልሶ የሚረግፍ ማሽላ ያበቅላል። ዛላው በምላጭ ድንጋይ ከተቆረጠ ግን የረገፈው መሬት ላይ ይቀራል፤ ቤት የሚገባው ያልረገፈው ነው። ከእሱ ላይ ለዘር ተቀንሶ በአዲስ መሬት ከተዘራ፣ ከዓመት ዓመት የማይረግፈው እየበዛ ይሄዳል። ይህን ውጤት ማንም አስቦበት አልጀመረውም። የዛሬ ገበሬ ግን አውቆ ያደርገዋል፦ ከአጨዳ በፊት ማሳው ውስጥ ገብቶ ሞላ ያለውን ዛላ ይመርጥና ነቀዝ እንዳይደፍረው ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቅለዋል።

እስካሁን ከታወቀው ሁሉ ቀደም ያለው የዚህ ለውጥ ማስረጃ የተገኘው በጎረቤት ሱዳን፣ በከሰላ አካባቢ ካሽም ኤል ጊርባ አጠገብ ነው። በዚያ የሚያልፈው የአትባራ ወንዝ ከእኛው ደጋ ይነሳል፣ ተከዜም ይገባበታል። የቦታው ሸክላ ሠሪዎች ጭቃው እንዳይሰነጠቅ የማሽላ ገለባ ይቀላቅሉበት ነበር። ሸክላው ሲተኮስ ገለባው ተቃጥሎ ጠፋ፤ ቅርጹ ግን ስብርባሪው ላይ ታትሞ ቀረ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እነዚህን አሻራዎች በአጉሊ መነጽር ሲመረምር ለስላሳ ጠባሳ ያላቸውንም የተቀደዱትንም ጎን ለጎን አገኘ። ዕድሜያቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3500 እስከ 3000 ዓመት ነው። ማሽላው ከዱር ወደ ማሳ እየተሻገረ ሳለ የተያዘ ማለት ነው።

የሸክላ አሻራ የሚታመንበት ምክንያት አለ። አንዲት ደቃቅ ፍሬ በአይጥ ጉድጓድ ወይም በመሬት ስንጥቅ ወርዳ ከጥንታዊ አፈር ጋር ልትደባለቅ ትችላለች። አክሱም አጠገብ በጎበድራ ዋሻ የተገኘ ዳጉሳ በመጀመሪያ እጅግ ጥንታዊ መስሎ ነበር፤ ፍሬው ራሱ ሲመረመር ግን ከአፈሩ በብዙ ያነሰ ዕድሜ እንዳለው ታወቀ። ከሸክላ ጋር የተተኮሰ ገለባ ግን ከሸክላው ሊያንስ አይችልም።

አሁን ወደ መንደሩ ጥያቄ እንምጣ። በደቡብ ግብፅ በረሃ፣ ናብታ ፕላያ በሚባል ቦታ፣ ከዛሬ 8000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ጎጆ፣ የውኃ ጉድጓድና የእህል ማስቀመጫ ጉድጓድ ነበራቸው። ያከማቹት ማሽላ ግን የዱር ነበር። ጎተራው ከእርሻው ቀደመ ማለት ነው። በመካከለኛው ምሥራቅም እንዲሁ የዱር እህል የሚለቅሙ ሰዎች ከማረሳቸው ብዙ ሺህ ዓመት በፊት ቋሚ ቤት ሠርተዋል። የእኛን ቀጠና ልዩ የሚያደርገው ከብት ከእርሻ መቅደሙ ነው። ላሙን የሚነዳው ሰው ማሽላ መልቀሙንም አልተወም፤ ለብዙ ሺህ ዓመት ሁለቱን አንድ ላይ ይዞ ተጓዘ።

ታዲያ ምን አስቀመጠው? አንዱ ምክንያት ክምችቱ ነው። አንድ ሰው በዓመት 1 ኩንታል ተኩል እህል ቢበላ፣ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት 7 ኩንታል ተኩል ያስፈልጋል። አንድ አህያ 50 ኪሎ ከተሸከመ ይህን ለማንቀሳቀስ 15 አህያ ይጠይቃል። የቆላ ማሽላ በደረቅ ጉድጓድ ተቀብሮ ስለሚቆይ፣ ክፉ ዓመትን የሚያሻግረው ያ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱን ጥሎ የሄደ ሰው ሲመለስ ባዶውን ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛው ምክንያት ጥበቃው ነው። በይፋት በሚያዝያና በግንቦት የሚዘራው የረጅም ጊዜ ማሽላ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በእነዚያ ወራት ይታረማል፣ ከዝንጀሮና ከከርከሮ ይጠበቃል። ፍሬው ወተት ሲይዝ ደግሞ ግሪሳ ይወርዳል፤ አንድ መንጋ በጥቂት ቀናት ማሳውን ባዶ ያስቀረዋል። ማሽላው መርገፉን ሲተው ለሰው ተመቸ፤ እስኪታጨድ ድረስ ዛላው ላይ ስለሚቆይ ግን ለወፍም ተመቸ። የሰውን እግር ማሳው ዳር ያሰረው ይህ ጭምር ነው።

መቀመጥ ግን በነፃ አልተገኘም። በብዙ አገር የቀደምት ገበሬዎች አፅም ከአዳኞቹ አጠር ያለ ቁመትና የተቦረቦረ ጥርስ ያሳያል፤ ምግባቸው በአንድ ዓይነት እህል ላይ ወድቆ ነበር፤ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ሲኖርም በሽታ በቀላሉ ይዛመት ነበር። በሌላ በኩል የማትጓዝ እናት ልጆችን ቀረብ አድርጋ መውለድ ቻለች፣ መንደሩም በዛ። ከበዛ በኋላ ወደ ዱር ለቀማ መመለስ ከባድ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው የዱር ፍሬ አይመግበውም።

ስለዚህ ቀደምት ገበሬዎች መዞርን በአንድ ጊዜ እርግፍ አድርገው አልተዉም። ከፊሉ ቤተሰብ ማሳና ጎተራ ሲጠብቅ ከፊሉ ከብት ይዞ ሣር ፍለጋ የሚሄድበት ኑሮ ረጅም ዘመን ቆይቷል። ይፋት ላይ ይህ መከፋፈል ዛሬም በሕዝቦች መካከል ይታያል፦ በምሥራቅ በኩል የአፋር አርብቶ አደር በድርቅ ጊዜ ከብቱን ወደ ላይ ያመጣል፣ ከአጨዳ በኋላ የማሽላ አገዳ መኖ ይሆናል፣ በሰንበቴ የእሑድ ገበያም የቆላው ከብትና ቅቤ ከደገኛውና ከአርጎባው እህል ጋር ይገናኛል። መሬቱና ውኃው ሲጠብ ግን እዚያው ጠብ ይነሳል።

የአርብቶ አደርን መስፈር በተመለከተ ዛሬ ለሚደረገው ክርክር ይህ ታሪክ አንድ ነገር ይጨምራል። ሰው የተቀመጠው ሊሸከመው የማይችለው እህል ሲኖረውና ጥበቃውን ትቶ መሄድ ከመቆየት ይልቅ ሲጎዳው ነው። ዝናብ በሚዋዥቅበት ቆላ ግን ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ዓመት ቤተሰቡን የሚያተርፈው የሚንቀሳቀሰው ከብት ነው። ስፈሩ ተብሎ ከብቱ ቢቀነስና ማሳው በውኃ ካልተደገፈ፣ ሰፋሪው የቀደመው ገበሬ ያልጣለውን ዋስትና ይጥላል።