ለአዲሷ ደባል፦ ስለ ኦቨኑ

አንድ ኮንዶሚኒየም ለሦስት ተከራይተው ከሚኖሩ ሴቶች አንዷ ቤት ስትለቅ፣ በእሷ ቦታ ለምትገባው ደባል ማቀዝቀዣው ላይ ወረቀት ለጥፋ ሄደች። ስለ ኪራይና ስለ ውሃ ሁለት መስመር ጻፈች፤ የቀረውን ገጽ በሙሉ ለኤሌክትሪክ ኦቨኑ ሰጠችው። ሳነበው ትክክል ናት አልኩ፤ አብዛኛው ምክር ለማንኛውም ቤት የሚሆን ነው።

የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ኦቨኑ አልሞቅ ካለሽ ተበላሽቷል ብለሽ ሠራተኛ እንዳትጠሪ፤ መጀመሪያ የደቂቃውን ማዞሪያ እዪው።» ኦቨኑ ሦስት ማዞሪያዎች አሉት። አንዱ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሁለተኛው ምን ያህል እንደሚሞቅ፣ ሦስተኛው ለስንት ደቂቃ እንደሚሠራ ይወስናል። ሁለቱን አስተካክላ ሦስተኛውን 0 ላይ የተወች ሴት ቀዝቃዛ ኦቨን ፊት ቆማ ትቀራለች፤ የደቂቃው ማዞሪያ ካልፈቀደ ኤሌክትሪኩ ወደ ማሞቂያው አያልፍም። ወደ ቀኝ ሲዞር ውስጡ ያለው ሞላ ይጠነጠናል፣ ደቂቃው ሲያልቅ ደውሎ ያጠፋል። ወደ ግራ ሲዞር ደግሞ የእጅ ሥዕል አለ፤ እዚያ ላይ ከቆመ ሰው እስኪያጠፋው ድረስ ይሠራል። (ዲጂታል ሰዓት ያላቸው ላይ ነገሩ ይለያል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሰዓቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ብዙዎቹም ሰዓቱ ካልተሞላ አይሞቁም።)

ሥዕሎቹ አያስቸግሩም። ከላይና ከታች ሁለት መስመር ማለት ሁለቱም ማሞቂያዎች ይሠራሉ ማለት ነው፤ ከታች አንድ መስመር የታችኛው ብቻ። ከላይ ያለው የተጠማዘዘ መስመር ግሪሉ ነው፤ ማራገቢያው ደግሞ ሙቀቱን ያዟዙራል። በማራገቢያ ሲጋገር ሙቀቱን በ20 ዲግሪ ያህል መቀነስ ይበቃል።

ቀጥሎ ድፎ ዳቦ ይመጣል። «ሁለቱን መስመር ምረጪ፣ 180 ላይ አድርጊ፣ ባዶውን አሙቂው። ትንሿ መብራት ስትጠፋ ዳቦውን አስገቢ፣ ደቂቃውን ያኔ እንደገና ሙዪ።» ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። ገና ሲያበሩ 50 ደቂቃ ሞልተው 15ቱ በማሞቅ ካለቀ፣ ደወሉ ሲጮኽ ዳቦው የተጋገረው 35 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ላዩ ቀልቶ መሃሉ ሊጥ ይሆናል። ትንሿ መብራት በኋላ ደጋግማ ብትበራና ብትጠፋ ብልሽት አይደለም፤ ሙቀቱ ሲወርድ ኦቨኑ ኤሌክትሪክ እየጠራ ነው። ዳቦው መብሰሉን ለማወቅ ከሥሩ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረ መደርደሪያውን ዝቅ አድርጎ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ በታችኛው ማሞቂያ ብቻ መጨረስ ይቻላል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን መብራት ሲጠፋ የሚደረገውን የጻፈችበትን ነው። የደቂቃው ማዞሪያ የሚሠራው በሞላ ስለሆነ መብራት ቢጠፋም መቁጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ዳቦው ገብቶ በ20ኛው ደቂቃ መብራት ቢሄድና ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢመለስ፣ ኦቨኑ አይበራም፤ ደቂቃው አልቋል። ይህ ያናድዳል እንጂ አያስፈራም። የሚያስፈራው የእጁ ሥዕል ነው። በእሱ ላይ ትቶት የተኛ ሰው መብራት ሌሊት ሲመለስ ኦቨኑ ብቻውን ይነድለታል፣ እስኪነጋም አይጠፋም። ደባሏ ከሥሩ አስምራበታለች፦ «መብራት ሲሄድ የሙቀቱንም የደቂቃውንም 0 ላይ መልሺ። በሩን አትክፈቺው፣ ሙቀቱ ይቆያል። እስኪመጣ ጠብቂና የቀረውን ደቂቃ ሙዪ።»

ሌላው ሦስት ሰው አንድ ዕቃ ስለሚጠቀም የመጣ ነው። ከማብራትሽ በፊት ውስጡን እዪ፤ አንዷ ትሪ፣ ሌላዋ በፌስታል የተጠቀለለ ዳቦ አስቀምጣ ይሆናል። ወለሉ ላይ ፎይል አታንጥፊ፤ ሙቀት ያፍንና ልባጡን ያበላሻል። ትኩስ ትሪ በእርጥብ ጨርቅ አትያዢ፤ እርጥበቱ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ እጅሽን ያቃጥላል። ውስጡ ያለ ቅባት ከተቀጣጠለ በሩን ዝጊ፣ ከግድግዳው አጥፊው፣ እሳቱ እስኪሞት አትክፈቺ፤ ውሃ ፈጽሞ አትድፊበት።

ስለ ሶኬቱ የጻፈችው አጭር ነው። ኦቨኑ ከ2,000 ዋት በላይ፣ የእንጀራ ምጣዱ ከ3,000 በላይ ይስባል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ኦቨኑ ተራውን ይጠብቃል። በማከፋፈያም አይሰካም፤ ገመዱ ሞቆ ሊቀልጥ ይችላል። ሶኬቱ ዙሪያው ቡናማ ከሆነ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ ብሬከሩን አውርዶ ኤሌክትሪሺያን መጥራት ነው፤ እስከዚያው ዳቦ ከሱቅ ይገዛል።