ጉሮሮን የሚዘጋው ሽፋን

ዘጊ አናዳ ወይም ዲፍቴሪያ ሲጀምር ተራ የጉሮሮ ሕመም ይመስላል። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ግን ቶንሲል ላይ ግራጫ ሽፋን ይጋገራል። ሲፋቅ ይደማልና በጣት ለማንሳት ፈጽሞ አይሞከርም። ሽፋኑ ወደ ማንቁርት ከወረደ የአየር መንገድን ይደፍናል። ልጁ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ ወይም አንገቱ ካበጠ ጊዜ የለም።

ሐኪሙ ዲፍቴሪያ ነው ብሎ ከጠረጠረ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቅ ፀረ መርዝ ይሰጣል። ምክንያቱም መድኃኒቱ የሚያከሽፈው ገና በደም የሚዘዋወረውን መርዝ ነው፤ ልብና ነርቭ ውስጥ የገባውን አይመልስም። ከፈረስ ደም ስለሚዘጋጅ አስቀድሞ የአለርጂ ፍተሻ ይደረጋል። ባክቴሪያውን የሚገድለው አንቲባዮቲክ ነው።

አብረውት የሚኖሩ ሰዎች ባይታመሙም የጉሮሮ ናሙና ይሰጣሉ፣ አንቲባዮቲክ ይወስዳሉ፣ የጎደለ ክትባታቸው ይሟላል፤ እስከ 10 ቀንም ክትትል ይደረግላቸዋል። ልጁን ጤና ተቋም ስታደርሱ አብረውት የሚያድሩትን ሁሉ ለባለሙያው ንገሩ።