የሚያነጋግሩት ሰው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ፦ ለተተኪው የሚጻፍ ደብዳቤ

ውል ገና ያልተፈረመበት የሽያጭ ንግግር ብዙውን ጊዜ የሚንጠለጠለው በአንድ ሰው ላይ ነው። የገዢው ድርጅት የግዥ ኃላፊ ወይም የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ የሻጩን ዕቃ አይቷል፣ ዋጋ ጠይቋል፣ ለአለቆቹም በቃል ነግሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው ሥራውን ሲለቅ ንግግሩ በአብዛኛው አብሮት ይሄዳል። ርክክብ የሚደረገው በንብረት፣ በተፈረሙ ውሎችና ባልተከፈሉ ሂሳቦች ላይ ስለሆነ፣ በሐሳብ ደረጃ ያለ ግዥ በርክክብ ሰነዱ ላይ የሚሰፍርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ተተኪው የሻጩን ስም ሰምቶት ላያውቅ ይችላል።

መልቀቁ የሚታወቀው በተለያየ መንገድ ነው። ኢሜይል ተመልሶ ሲመጣ ከመልእክቱ ጋር የሚታየውን ቁጥር ማንበብ ይጠቅማል። `550 5.1.1` የሚለው አድራሻው በዚያ ድርጅት እንደሌለ ያመለክታል፤ ስሙ በትክክል ተጽፎ ከሆነና ቀድሞ መልስ ይመጣበት ከነበረ ሰውየው ሳይለቅ አልቀረም። `5.2.2` ግን ሣጥኑ መሙላቱን ብቻ ነው የሚናገረው። በ4 የሚጀምሩ ቁጥሮች ደግሞ ጊዜያዊ ችግርን ስለሚያሳዩ ከእነሱ ተነስቶ ሰው ለቋል ማለት አይቻልም። ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ኢሜይሉ ሳይመለስ መልስ የሚጠፋበት ሁኔታ ነው። ብዙ ድርጅቶች የለቀቀን ሠራተኛ ሣጥን ለጊዜው ወደ ሌላ ሠራተኛ ያዞራሉ። «ወንድሜ፣ ያንን ነገራችንን ምን አደረስከው?» ተብሎ የተላከ መልእክት ተተኪው ወይም አለቃው እጅ ቢገባ የሚፈጥረውን ጥርጣሬ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ መልስ ከጠፋ በኋላ የሚላክ ማንኛውም መልእክት፣ ሌላ ሰው ቢያነበው የማያሳፍር ሆኖ መጻፍ አለበት።

ቀጣዩ ሥራ የተተኪውን ስምና ማዕረግ ማግኘት ነው። እንደ ስም አጻጻፍ ልማዱ አድራሻ እየገመቱ ደጋግሞ መላክ ጉዳት አለው፤ ብዙ የማይገኙ አድራሻዎች ላይ የሚልክ ድርጅት ትክክለኛ መልእክቱም ሳይቀር እንደ አላስፈላጊ መልእክት ሊቆጠርበት ይችላል። ከዚያ ይልቅ ለድርጅቱ ዋና ስልክ ደውሎ ጸሐፊዋን መጠየቅ ያዋጣል። የሚጠየቀውም «እገሌ የት ሄደ?» ተብሎ ሳይሆን «አሁን የግዥውን ሥራ የያዘው ማን ነው? ደብዳቤ በማን ስም ላድርስ?» ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሰው ጉዳይ ስለሆነ ጸሐፊዋን ያስጨንቃታል፤ ሁለተኛው ግን በየቀኑ የምትመልሰው የሥራ ጥያቄ ነው። ቦታው በተጠባባቂ የተያዘ ከሆነም መታወቅ አለበት፤ ተጠባባቂ ኃላፊ ጉዳዩን ተቀብሎ ማቆየት ቢችልም አዲስ ውል ለመጀመር ብዙ ጊዜ አይደፍርም።

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች አንድ ጥሩ መውጫ አለ። ደብዳቤ ለሰው ሳይሆን ለክፍሉ ተጽፎ በመዝገብ ቤት ሊገባ ይችላል። መዝገብ ቤቱ ቀንና ቁጥር ሰጥቶ ስለሚመዘግበው ደብዳቤው በወንበሩ ላይ ላለው ሰው ይመራለታል፤ ሻጩም በኋላ ሲጠይቅ የሚጠቅሰው ቁጥር ይኖረዋል። ስሙ ያልታወቀ ተተኪ ጋ ለመድረስ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ለምሳሌ አንድ የጄኔሬተር ጥገና ድርጅት ከአንድ ሆቴል የቴክኒክ ኃላፊ ጋር ሲነጋገር ቆየ እንበል። ባለሙያው ጥር ላይ ሁለቱን ጄኔሬተሮች አይቶ ሪፖርት አቀረበ፤ የካቲት ላይ ለ30 ቀን የሚጸና ፕሮፎርማ ተላከ፤ ሚያዝያ ላይ ኃላፊው ለቀቀ። ለተተኪዋ የሚጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ የሁለት ጄኔሬተሮችን የጥገና አገልግሎት ይመለከታል

ክብርት ወ/ሮ እገሊት፣

ድርጅታችን ከክፍልዎ ጋር ስለ ሆቴሉ ሁለት ጄኔሬተሮች መደበኛ ጥገና ሲነጋገር ቆይቷል። ባለሙያችን በጥር ወር ማሽኖቹን ተመልክቶ፣ አንደኛው ዘይትና ማጣሪያ ሳይቀየርለት ከ250 የሥራ ሰዓት በላይ እንደሠራ በሪፖርቱ ገልጿል። በየካቲት የዋጋ ማቅረቢያ ልከናል። የተፈረመ ውልም ሆነ የተከፈለ ገንዘብ የለም፤ የዋጋ ማቅረቢያውም ጊዜው አልፏል። ሪፖርቱን ከዚህ ጋር አያይዘናል። አገልግሎቱ አሁንም የሚፈለግ ከሆነ አዲስ ዋጋ ለማቅረብ ዝግጁ ነን፤ ጉዳዩ የሌላ ክፍል ከሆነ ቢጠቁሙን እናመሰግናለን።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የቀድሞው ኃላፊ ስም የለም። ስሙን መጥቀስ ንግግሩን በቶሎ ያስታውሳል የሚል ሐሳብ ቢኖርም፣ ሻጩ ሰውየው በምን ሁኔታ እንደወጣ አያውቅም። በጠብ ወጥቶ ከሆነ ስሙ እንቅፋት ይሆናል። «ከእሳቸው ጋር ተስማምተን ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ የባሰ ነው፤ አዲሷ ኃላፊ በማታውቀው ስምምነት የተያዘች መስሎ ስለሚሰማት የመጀመሪያ እርምጃዋ ራስን መከላከል ይሆናል። «የተፈረመ ውል የለም» የሚለው ግልጽ ቃል ሻጩን የሚያዳክም ቢመስልም ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከእሱ ነው፦ ተተኪዋ ዕዳ እንዳልተላለፈባት አውቃ ቀሪውን በተረጋጋ መንፈስ ታነባለች።

ሪፖርቱ የተያያዘውም በምክንያት ነው። አዲስ ኃላፊ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋና ጭንቀቷ በእጇ የገባውን ነገር ማወቅ ነው። የራሷ ማሽን ዘይት መቀየሪያው ማለፉን የሚነግር ወረቀት ለእሷ ከሽያጭ ወረቀት በላይ ነው፤ ውሉ ባይፈረም እንኳ ይጠቅማታል። አሮጌው ዋጋ ግን መላክ የለበትም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ማጣሪያና መለዋወጫ ከወራት በፊት በተጻፈ ዋጋ ላይገኝ ይችላል። ተተኪዋ የቀድሞውን ቁጥር ይዛ ለአለቆቿ ካቀረበች በኋላ ዋጋው ቢጨምር የምታፍረው እሷ ናት።

መልስ ካልመጣ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር ጠቅሶ መደወል ተገቢ ነው። አዲስ ሰው ወንበሩን እስኪለምድ ጊዜ ስለሚፈልግ ሁለተኛው ጥያቄ ከወር በኋላ ቢሆን ይሻላል። በየሁለት ቀኑ መደወል በር ያዘጋል፤ ወደ ዋና ሥራ አስኪያጁ ዘሎ መጻፍ ደግሞ ተተኪዋን ገና ከጅምሩ ያስቀይማል።

ከለቀቀው ሰው ጋርም ግንኙነት መቋረጥ የለበትም። መልካም የሥራ ዘመን ብሎ ተመኝቶ አሁን ማንን ማነጋገር እንደሚሻል መጠየቅ ነውር የለውም። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን በጀት፣ የተወዳዳሪዎችን ዋጋ ወይም የአለቆቹን ሐሳብ መጠየቅ ግን እሱን በቀድሞ አሠሪው ዘንድ ሊያስጠይቀው ይችላል፤ ሻጩም እንዲህ ባለ መንገድ ያገኘውን መረጃ በደብዳቤው ውስጥ ቢያሳይ ተተኪዋ ከየት እንደመጣ ወዲያው ታውቃለች። ሰውየው በገባበት አዲስ ድርጅትም ጄኔሬተር ካለ፣ ያ ራሱን የቻለ ሌላ ንግግር ነው፤ ለሆቴሉ በተከፈተው ማኅደር ውስጥ አይገባም።