«ሪፖርቱ እስካሁን አልመጣም?» የግሩፕ ጽሑፍ ሲያኳርፍ እንዴት ይታረቃል

ማሾ ከገበሬ ገዝቶ ለላኪ በሚያስረክብ ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ መጋዘኑ ሸዋሮቢት፣ ገዢዎቹ ደግሞ ቆላ ወርደው በቀወት ቀበሌዎች ይዞራሉ። ጣርማ በርን የሚያቋርጠው 225 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ስለሚለያየን የምንገናኘው በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። በዚሁ ግሩፕ ሁለት ባልደረቦቼ ክፉ ቃል ሳይለዋወጡ ተኳረፉ። እንዴት እንደታረቁ ልንገራችሁ፤ ራቅ ራቅ ብሎ ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅማል።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የአዲስ አበባዋ አስተባባሪ «የትናንቱ ግዢ ሪፖርት እስካሁን አልመጣም?» ብላ ግሩፑ ላይ ጻፈች። የሸዋሮቢቱ ገዢ በዕድሜ ታላቋ ናቸው፤ በስልክ ሲያወሩ «ጋሼ» ነው የምትላቸው። ማታ 1 ሰዓት ላይ «እሺ።» የሚል መልስ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሼ ቁጥሩንና የሚዛኑን ፎቶ ብቻ እየላኩ ዝም አሉ። ሰላምታም ቀረ፣ ቀልድም ቀረ፣ «ነገ ዝናብ ይመስላል፣ ሸራ ላኩ» ማለትም ቀረ። ቅያሜ በግሩፕ የሚታወቀው እንዲህ ነው፦ ሥራው ይቀጥላል፣ ትርፍ ወሬው ይደርቃል።

እሷ ጋሼ አንብበው ችላ ያሏት መስሏት ነበር፤ ምክንያቱም መልእክቷ ሁለት ምልክት አሳይቷል። ነገር ግን በቴሌግራም ግሩፕ ሁለቱ ምልክት የሚመጣው ከአባላቱ ማንኛውም አንድ ሰው ሲያነብ ነው። አንባቢው የመጋዘን ጠባቂው ሊሆን ይችላል። በትንሽ ግሩፕ መልእክቱን ነክቶ ማን እንዳነበበው ማየት ይቻላል፤ ያንን ግን ብዙ ሰው አያየውም። ጋሼ በዚያ ሰዓት ኔትወርክ የሌለበት ማሳ ላይ ነበሩ። ማታ ከተማ ገብተው ስልካቸውን ሲከፍቱ፣ ስማቸው የሌለበት፣ ሰላምታ የሌለው፣ «እስካሁን» የሚል ጥያቄ ሥራ አስኪያጁ ባለበት ግሩፕ ላይ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ሽሙጥና የምር ንግግር በኢሜይል እንዲልኩ አድርገው ነበር። ላኪዎቹ ከመቶ 78ቱን ተቀባዩ በትክክል ይለየዋል ብለው ጠበቁ። የተለየው 56 ያህሉ ነው፤ እንዲያው በግምት እንኳ 50 ይገኛል። በድምፅ ሲሆን ግን 73 ደረሰ። የሚጽፍ ሰው የራሱን ድምፅ በልቡ እየሰማ ይጽፋልና ለሌላውም የተሰማ ይመስለዋል።

ስለዚህ አስተባባሪዋ ሌላ ረጅም ማብራሪያ ከመጻፍ ይልቅ እንድትደውል ነገርኳት። ከሰላምታ በኋላ መጀመሪያ እንድትጠይቅ፣ ከዚያ እንድታስረዳም ተስማማን። ቀድማ ብታስረዳ ጋሼ «ችግር የለም» ብለው በሩን ይዘጉት ነበር።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ሙቀቱስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን።»

«ያን ቀን የጻፍኩት እንዴት ሆኖ ደረሰዎት?»

ትንሽ ዝም አሉና «በሰው ፊት ሥራህን አትሠራም ያልሽኝ መሰለኝ» አሉ።

«ኧረ በፍጹም! ጠዋት መኪና ስለሚጫን ስንት ኩንታል እንዳለ ለማወቅ ቸኩዬ ነው።»

ነገሩ በስልክ አለቀ፤ ነገር ግን ቅያሜው በሰው ፊት ስለመጣ ማስተካከያውም በሰው ፊት መሆን ነበረበት። በጋሼ ፈቃድ ግሩፑ ላይ እንዲህ ጻፈች፦ «የዚያን ቀን ሪፖርት ያቆየው ኔትወርክ ነው፣ ጋሼ ማሳ ላይ ነበሩ። እኔም የጠየቅኩት ለጭነቱ ብዬ ነው።» የቀድሞውን መልእክት አላጠፋችውም። ቴሌግራም ላይ የጠፋ መልእክት ዱካ አይተውም፤ ያነበበው ሰው ግን ወቀሳውን ያስታውሳል፣ እርማቱ የምን እንደሆነም አይገባውም።

ከዚያ በኋላ በግሩፑ የሚጠየቅ ጥያቄ የሰውየውን ስም፣ የሚፈለግበትን ሰዓትና ምክንያቱን እንዲይዝ ተስማማን፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት መኪና ስለሚጫን የትናንቱን ኩንታል እስከ ማታ 2 ሰዓት ቢልኩልኝ።» ከዚያ በላይ የሚያስቸኩል ነገር በስልክ ይነገራል። ማሳ የወረደ ሰው እስከ ማታ ዝም ቢል እንደ እምቢታ አይቆጠርም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ችግሩ የአነጋገር ሲሆን ነው። ድምፅ ሲሰማ ቅያሜው ከለቀቀ የአነጋገር ነበር ማለት ነው። ተደዋውላችሁም ያው ክርክር ከተመለሰ፣ ለምሳሌ ሪፖርቱን ማን ይሙላ፣ የስልክ ካርዱን ማን ይክፈል የሚል ከሆነ፣ ጉዳዩ የሥራ ክፍፍል ነውና ለሥራ አስኪያጁ ይቅረብ። «ጋሼ» እና «እንደምን ዋሉ» ብቻውን አይፈታውም።