ጤፉ ግሉተን የለውም፤ ወፍጮውና እርሾውስ?

አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት በትንሽ ውሃ ጠንከር አድርገው ያቡኩና ለግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በውሃ እያሹ ይጠቡት። ውሃው መጀመሪያ እንደ ወተት ይነጣል፤ ደጋግመው ሲቀይሩት እየጠራ ይሄዳል። በመጨረሻ እጅዎ ላይ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ግራጫማ ነገር ይቀራል። ውሃው ጠርጎ የወሰደው ስታርች ነው፤ የቀረው ግሉተን ነው። ከ100 ግራም የስንዴ ዱቄት ከ25 ግራም ያላነሰ እርጥብ ግሉተን ሊወጣ ይችላል። ያንኑ በጤፍ፣ በማሽላ ወይም በዳጉሳ ሊጥ ቢሞክሩት ሊጡ ተበትኖ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ እጅ ላይ የሚቀር የለም።

ጤፍ፣ ማሽላና ዳጉሳ ፕሮቲን አላቸው፤ ዓይነቱ ግን ሌላ ነው። ግሉተን የሚባለው በስንዴ ውስጥ ያለው፣ ውሃ ሲነካው እርስ በርሱ ተያይዞ መረብ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ዳቦ የሚነፋው ይህ መረብ የእርሾውን አየር አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ገብስም የዚሁ ዘመድ የሆነ ፕሮቲን አለው።

ለአብዛኛው ሰው ግሉተን ምንም ጉዳት የለውም። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ ትንሹን አንጀት ያቆስላል። ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመላለሳል፣ ደም ያንሳል፣ ሕፃን ከሆነም ዕድገቱ ይገታል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። የስንዴን ጥፋት ለይቶ ያሳየው ቪለም ዲከ የተባለ የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ ግኝቱን በ1950 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አቅርቧል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2005 እ.ኤ.አ. የዚያው አገር ተመራማሪዎች 14 የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ይህን ሕመም የሚቀሰቅስ ፕሮቲን እንዳላገኙባቸው አሳትመዋል።

ታዲያ መረቡ ከሌለ እንጀራ እንዴት ዓይን ያወጣል? መልሱ አብሲት ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት ሊጥ አንድ ብርጭቆ ያህል ይወሰድና ሁለት ብርጭቆ በሚሆን የፈላ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይበስላል፤ ስታርቹም አብጦ እንደ አጥሚት ይወፍራል። ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ይህ ወፍራም አጥሚት ሊጡን ስለሚያያይዘው አየሩ ቶሎ አያመልጥም፤ ግሉተን በዳቦ የሚሠራውን እዚህ የበሰለው ስታርች ይሠራዋል ማለት ነው። አብሲቱ እንደጋለ ከተጨመረ እርሾውን ይገድለዋል፤ ሊጡም ኩፍ አይልም። ጭራሹን ከቀረ ደግሞ እንጀራው ዓይኑ ደፈን ይላል፣ ቶሎም ይሰባበራል።

ማሽላ በዚሁ መንገድ ይጋገራል፤ እንጀራው ግን በማግስቱ ይደርቃል፣ ሲጠቀለልም ይሰነጠቃል። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ ሲቦካ ይህ ችግሩ ይቀንሳል። ዳጉሳ ለቂጣና ለገንፎ ይመቻል፤ በእንጀራም ከጤፍ ጋር ይገባል። ጠላ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እህሉ ዳጉሳ ቢሆንም ብቅሉ የገብስ ወይም የስንዴ ከሆነ መጠጡ ግሉተን ይኖረዋል።

አቀማመጥን በተመለከተ ልዩነቱን የሚያመጣው የፍሬው መጠን ነው። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ፍሬው ውስጥ ነው፤ ትሉም እዚያው እየበላ ያድጋል። የጤፍና የዳጉሳ ፍሬ ለዚህ አይበቃም። ስለዚህ ደርቆ የገባ ጤፍ ወይም ዳጉሳ ዓመታት ይቆያል። ማሽላ ግን ፍሬው ትልቅ ስለሆነ ነቀዝ ያገኘዋል። በሐረርጌ ማሽላ በመሬት ጉድጓድ ተቀብሮ የሚቀመጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አፉ በደንብ ሲደፈን ውስጡ አየር ያጥረዋል፣ ነቀዙም ይታፈናል። ጉዳቱ ግን እርጥበት ነው፤ ግድግዳውን የነካው እህል ይሻግታል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ለዘርም አይሆንም።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ ቀላል መላ አለ። ደረቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ጥቂት እህልና አንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ይጨምሩ፤ ለአንድ ደቂቃ ይወዝውዙትና ሩብ ሰዓት ያቆዩት። ጨው መስታወቱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፤ መልሶ ማስጣት ያስፈልጋል። አንዴ ከተፈጨ ግን ሦስቱም እኩል ናቸው። የፍሬው ዘይት አየር ስለሚያገኘው ዱቄቱ እያደር ይመራል። ስለዚህ እህሉን በብዛት ገዝቶ ማስቀመጥ፣ ማስፈጨት ግን ለአንድ ወር የሚበቃውን ብቻ ነው።

ለሴሊያክ ሕመምተኛ ትልቁ ጉዳይ ወፍጮ ቤቱ ነው። ድንጋዩ ስንዴ ፈጭቶ ወዲያው ጤፍ ሲገባበት የቀረው የስንዴ ዱቄት ከጤፉ ጋር ይወጣል። በዓለም አቀፉ መመዘኛ አንድ ምግብ ከግሉተን ነጻ የሚባለው በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም ካልበለጠ ነው። አሁን እናስላው። አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት 3 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ ገደማው ግሉተን ነው፤ ወደ 300 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ይህች አንዲት ማንኪያ ከአንድ ኪሎ ጤፍ ጋር ከተደባለቀች ከልኩ 15 እጥፍ ያልፋል። ወፍጮ ውስጥ ደግሞ የሚቀረው ከአንድ ማንኪያ ሊበልጥ ይችላል። በእጅ አጥቦ መፈተሽም እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ይህን ያህል ትንሽ ነገር በዓይንም በእጅም አይለይም።

ከወፍጮው ቀጥሎ እርሾው አለ። ከጎረቤት የተገኘ እርሾ ስንዴ ወይም ገብስ ከተቀላቀለበት ሊጥ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ መቡካቱም ግሉተኑን አጥፍቶ አይጨርሰውም። በውጭ አገር፣ በተለይ በአሜሪካ፣ ብዙ ምግብ ቤቶች እንጀራውን ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ስለሚያቦኩ፣ «እንጀራ ነው» መባሉ ብቻ ለሕመምተኛ ዋስትና አይሆንም። መጠየቅ ያለበት ዱቄቱ ከምን ከምን እንደሆነ ነው።

እቤትዎ ሴሊያክ ያለበት ሰው ካለ ጤፉን ለቅመው፣ ነፍተው፣ ስንዴ በማይገባበት ወፍጮ ያስፈጩ፤ ይህ ካልተገኘ በቤት መፍጫ ይፍጩት። የራሱ ቡሃቃ፣ የራሱ ወንፊት፣ ከንጹሕ ጤፍ ከባዶ የተነሣ የራሱ እርሾ ይኑረው። ሕመሙን የጠረጠረ ሰው ግን ስንዴውን ከመተዉ በፊት ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ምርመራው ሕመሙን በትክክል የሚያሳየው ሰውየው ስንዴ እየበላ ሳለ ነውና።