ጁስ ስትበጠብጡ "1 ለ 4" ማለት "ከ4 አንዱ" አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ የአንዷ ጓደኛችን ምርቃት ነበር። መጠጡን እንድንበጠብጥ ኃላፊነቱ ለእኛ ተሰጠን። እንግዳው 40 ሰው ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ብርጭቆ፣ ብርጭቆው ደግሞ 250 ሚሊ ሊትር ብለን ስንደምረው በትክክል 20 ሊትር መጣ። አንድ ጀሪካን ማለት ነው።

የተገዛው ባለ 1 ሊትር የብርቱካን ሽሮፕ 5 ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱ ላይ "1 ለ 4 በውሃ ይበጥብጡ" ይላል። እኛም "አራት እጅ ከሆነ አንዱ እጅ ሽሮፕ ነው" ብለን 5ቱንም ጠርሙስ ገለበጥን፣ 15 ሊትር ውሃ ሞላንበት። የተመራቂዋ እናት ቀመሱትና "ልጆቼ፣ ይሄማ ይዘጋል! ማን አንድ ብርጭቆ ይጨርሰዋል?" አሉን። ጀሪካኑ ሙሉ ነው፣ እንግዳ ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀርቷል።

ስህተቱ የት ጋ ነው? "1 ለ 4" ሲባል 1 እጅ ሽሮፕ ለ4 እጅ ውሃ ነው። ሲደመር 5 እጅ ይሆናል። ስለዚህ ሽሮፑ ከጠቅላላው ከ5 አንዱ እንጂ ከ4 አንዱ አይደለም። 20 ሊትር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ 20ን ለ5 አካፍሉ። 4 ሊትር ሽሮፕ፣ 16 ሊትር ውሃ። እኛ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ትርፍ ጨምረናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውሃ ስትጨምሩ መጠጡ ይቀጥናል እንጂ ውስጡ ያለው ስኳር አይጠፋም። በብዙ ውሃ ውስጥ ይበተናል፣ በቃ። ይቺን ከያዛችሁ ማንኛውንም የተበላሸ ብጥብጥ በስልካችሁ ካልኩሌተር ታስተካክሉታላችሁ።

የእኛ ጠርሙስ ጀርባ ላይ "በ100 ሚሊ ሊትር 50 ግራም ስኳር" ተጽፏል። ስለዚህ 1 ሊትር ሽሮፕ 500 ግራም ስኳር አለው። በትክክል 1 ለ 4 ሲበጠበጥ ያ 500 ግራም በ5 ሊትር ውስጥ ይበተናል፤ ለሊትር 100 ግራም ይደርሳል። ይህ ከተለመደው ኮላ ጣፋጭነት ብዙ አይርቅም። እኛ ግን 5 ሊትር ሽሮፕ፣ ማለትም 2,500 ግራም ስኳር በ20 ሊትር ውስጥ ከተናል። ለሊትር 125 ግራም መጣ። እናታችን የቀመሱት እሱን ነው።

ታዲያ እንዴት ይስተካከላል? 2,500 ግራም ስኳር ለሊትር 100 ግራም እንዲሆን 25 ሊትር መጠጥ ያስፈልጋል። የጎደለው 5 ሊትር ውሃ ነው፤ ጀሪካኑ ግን ቦታ የለውም። ስለዚህ 4 ሊትር መጠጥ ወደ ባልዲ ቀዳን። ጀሪካኑ ውስጥ 16 ሊትር ቀረ፤ ስኳሩም 16 ጊዜ 125፣ ማለትም 2,000 ግራም ሆነ። በቀዳነው ፋንታ 4 ሊትር ውሃ ስንሞላበት 2,000 ግራም በ20 ሊትር፣ ልክ ለሊትር 100 ግራም። ባልዲው ውስጥ ያለው 4 ሊትር ላይ ደግሞ 1 ሊትር ውሃ ብቻ ጨመርንበት። ምንም አልተደፋም፣ እንዲያውም 5 ሊትር ትርፍ አገኘን።

የተገላቢጦሹ ስህተትም ብዙ ቤት ያጋጥማል። ትክክለኛውን 4 ሊትር ሽሮፕ ይዘው፣ "20 ሊትር ነው የሚፈለገው" ብለው መጀመሪያ ትልቅ በርሜል ውስጥ 20 ሊትር ውሃ ይሞላሉ፣ ሽሮፑን ከላይ ይጨምሩበታል። መጠጡ 24 ሊትር ይሆናል፣ ስኳሩ ግን 2,000 ግራም ነው፤ ለሊትር 83 ግራም አካባቢ። ሲቀመስ "ውሃ ውሃ" ይላል። ለ24 ሊትር የሚያስፈልገው 2,400 ግራም ስለሆነ 400 ግራም ጎድሏል። እዚህ ጋ አንድ ነገር አትርሱ፦ የምትጨምሩት ሽሮፕ ራሱ መጠጡን ያበዛዋል። 1 ሊትር ሽሮፕ 500 ግራም ይዞ ይመጣል፤ ግን 100 ግራሙ ለራሱ ሊትር ነው የሚውለው። ለሌላው የሚተርፈው 400 ግራም ነው። ስለዚህ የሚጨመረው 1 ሊትር ነው፣ መጠጡም 25 ሊትር ይሆናል።

ይህ እንዳይመጣ ቅደም ተከተሉን ቀይሩት። ሽሮፑን መጀመሪያ ጨምሩ፣ ግማሽ ያህል ውሃ አድርጉበትና በደንብ አማስሉት፣ ከዚያ እስከ 20 ሊትር ምልክት ድረስ ውሃ ሙሉበት። ምልክቱን ደግሞ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ሥሩ። "ባለ 20" የሚባል ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ብዙ ጊዜ ከ20 ሊትር በላይ ይይዛል። ባለ 2 ሊትር የውሃ ጠርሙስ 10 ጊዜ ገልብጡበት፣ የደረሰበት ላይ በማርከር አስምሩ።

ማማሰሉን ችላ አትበሉት። ሽሮፕ ከውሃ ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። ከላይ በጭልፋ ከቀዳችሁ የመጀመሪያው እንግዳ ውሃ ይጠጣል፣ የመጨረሻው ሽሮፕ። ታች ቧንቧ ያለው ማሰሮ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ከላይና ከታች ቀድታችሁ ቅመሱ፤ ጣዕሙ ከተለያየ ችግሩ ልኬቱ ሳይሆን አለመማሰሉ ነው። ሳታማስሉ ውሃ ወይም ሽሮፕ አትጨምሩ።

በረዶም ውሃ ነው። 4 ኪሎ በረዶ ሙሉ በሙሉ ሲቀልጥ 4 ሊትር ውሃ ይሆናል። ልኩ የተያዘ 20 ሊትር ላይ ብትጨምሩት መጨረሻ ላይ 24 ሊትር ቀጭን መጠጥ ታገኛላችሁ። በረዶ ልትጠቀሙ ካሰባችሁ ከ16ቱ ሊትር ውሃ ላይ ቀንሱለት። የሚሻለው ግን ጀሪካኑን ከውጪ ማቀዝቀዝ ነው። ስትቀምሱም ቀዝቀዝ ካለ በኋላ ቅመሱ፤ ብርድ ጣፋጭነትን ስለሚደብቅ ሞቅ እያለ "ልክ ነው" ያላችሁት ሲቀዘቅዝ የጎደለው ይመስላል።

ሁለት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው የስኳር መጠን ለሽሮፑ ነው ወይስ ተበጥብጦ ላለቀው መጠጥ? አንዳንዱ የሚጽፈው የተበጠበጠውን ነው። ከስኳር ሌላ ማጣፈጫ ያለበት ከሆነም የስኳሩ ቁጥር ጣፋጭነቱን አይነግራችሁም፤ ያኔ ጠርሙሱ ላይ ያለውን "1 ለ ስንት" ተከተሉ።

ሁለተኛ፣ ለንግድ በባልዲ የሚሸጥ የጁስ ኮንሰንትሬት ላይ "ብሪክስ" የሚል ቁጥር ታያላችሁ። 60 ብሪክስ ማለት በ100 ግራም ውስጥ 60 ግራም ስኳር እንደማለት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር አይደለም። ስለዚህ በሚዛን ሥሩት። ከ60 ወደ 10 ብሪክስ ለማውረድ 1 ኪሎው ላይ 5 ኪሎ ውሃ ይጨመራል፣ 6 ኪሎ መጠጥ ይወጣል። በሊትር ከለካችሁት ግን 1 ሊትሩ 1.3 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በ5 ሊትር ውሃ የተበጠበጠው ከታሰበው በላይ ይጣፍጣል። በዚያ ላይ ውዱን ኮንሰንትሬት በከንቱ ትጨርሳላችሁ።

ቅዳሜ ዕለት 25 ሊትሩ አለቀ። በሚቀጥለው ድግስ 4 ጠርሙስ ብቻ ነው የምንገዛው።