የሚጠፋውን መረጃ በትንሽ ሙከራ መያዝ

መካኒሳ አቦ አካባቢ በማዋለጃ ክፍሎች ለምትሠሩ ባልደረቦቼ፦ «ርክክብን እናሻሽል» ብላችሁ አትነሡ፤ አንድ የሚጠፋ መረጃ ምረጡ። እኔ የምመርጠው የማግኒዥየም ሰልፌትን ቀጣይ መርፌ ነው። በጡንቻ ሲሰጥ በየ4 ሰዓቱ ጎን እየተቀያየረ ስለሚወጋ፣ ተረኛ ሲቀያየር ይረሳል።

ስታቅዱ ምንም ሳትቀይሩ መጀመሪያ ለኩ። ተረካቢዋን ካርዱን ሳታይ «ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው? በየትኛው ጎን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከካርዱ ጋር አመሳክሩ፤ ከተሳሳተ ወዲያው አርሙ። ካርዱ ራሱ ባዶ ከሆነ ግን ችግሩ ከርክክቡ በፊት ነው።

ከዚያ በአንድ የሌሊት ተራ ብቻ፣ ካርዱን ከፍታችሁ በየእናቶቹ አልጋ አጠገብ ተረካከቡ። ስታጠኑ ያንኑ ጥያቄ ደግማችሁ ጠይቁ፤ የወሰደውን ጊዜም ቁጠሩ፤ ሠራተኛውን የሚያስመሽ ለውጥ አይዘልቅም። ከረዘመ፣ መርፌ ላይ ላሉት እናቶች ብቻ አድርጉትና በሌላ ተረኛ ደግማችሁ ሞክሩ።